ቡና ጋበዙን፣ ሥራው ግን አልቀነሰም፦ ጫና ሲያሳምም አሠሪው ምን ግዴታ አለበት?

ሰንጋተራ — ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው። ስሙን አልጠራም። የእኛ ሥራ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ድርጅቱ 40 የባንክ ሂሳብ አለው። አምስት ሆነን ስንሠራ ለአንድ ሰው ስምንት ይደርሰው ነበር። መስከረም ላይ አንዷ ለቀቀች። ጥቅምት ላይ ሌላው ተከተላት። እስከ ዛሬ የቅጥር ማስታወቂያ አልወጣም። አሁን ሦስት ነን፣ እኔ ብቻ 14 ሂሳብ ይዣለሁ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢሮ ነኝ። ቅዳሜ በውሌ እስከ 6 ሰዓት ነው፣ እኔ ግን በ8 ነው የምወጣው። ሰኔ 30 ሲቃረብ ደግሞ እሁድም ይጨመራል።

መጋቢት ላይ አንድ ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ረዳቱ "ግቢ እንጂ!" ይለኛል፣ እኔ እግሬን ማንሳት አቃተኝ። ከኋላዬ ያሉት አልፈውኝ ገቡ። ሦስት ታክሲ እንደዚያ አለፈኝ። በማግስቱ አንድ ገጽ ድምር አምስት ጊዜ ደምሬ አምስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት። "እስከ ሰኔ ታገሺ" አለኝ። ሚያዝያ ላይ ሐኪም አምስት ቀን ዕረፍት ጻፈልኝ። ስመለስ የአምስቱ ቀን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ ጠበቀኝ።

ከዚያ የሰው ኃይል ክፍሉ ለሁላችንም በአንድ ሆቴል የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጀ። ስለ ጭንቀት ተነገረን፣ አተነፋፈስ ተለማመድን፣ ቡና ጠጣን። አዘጋጆቹ ከልባቸው ነው ያደረጉት፣ አልክድም። ሰኞ ጠዋት ግን 14ቱ ሂሳብ 14 ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። አሠሪ በዚህ ነገር ሕጋዊ ግዴታ አለበት? ወይስ የሚያደርገው ሁሉ በጎ ፈቃዱ ነው?

የካዛንቺስ ልጅ — ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡52

እህቴ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ውጪ። ከጤና የሚበልጥ ደሞዝ የለም። የሥራ ልምድሽን አንሰጥም ብለው ካስቸገሩሽ እዚሁ ጻፊልን።

ሰንጋተራ — ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 5፡05

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ስለ መልቀቅ አልጠየቅኩም። ሥራዬን እወደዋለሁ። ስምንት ሂሳብ ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር የምሠራው።

ኤችአር ፒያሳ — ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ። የእኛ ሕግ የሚያውቀው የሚታይ አደጋ ነው። ማሽን፣ ኬሚካል፣ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራ። ስለ ጭንቀት የሚል ነገር የለውም። ያለሽ መብት የሕመም ፈቃድ ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

ሥልጠናውንም አታናንቂው። እንግሊዝ አገር እንኳ ፍርድ ቤት ለሠራተኛው የምክር አገልግሎት ያቀረበ አሠሪ ግዴታውን ጥሷል የመባል ዕድሉ ጠባብ ነው ብሏል። ድርጅትሽ የሚችለውን አድርጓል ባይ ነኝ።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ — ግንቦት 12፣ ከቀኑ 7፡40

በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ላይ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ኤችአር ፒያሳ የሕመም ፈቃዱን በትክክል አስቀምጦታል። "ሕጉ ስለ ጭንቀት የሚል ነገር የለውም" ያለው ግን ስህተት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92ን ግለጡት። አሠሪው የሥራው ሂደት ለሠራተኛው ጤና የጠንቅ ምንጭ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት ይላል። ጠንቆቹንም ይዘረዝራቸዋል። ፊዚካል፣ ኬሚካል፣ ባዮሎጂካል፣ ኤርጎኖሚክ ካለ በኋላ የሥነ ልቦናንም ይጨምራል። ቃሉ በቀድሞው አዋጅ 377/96ም ነበር። አዲስ ነገር አይደለም፣ የሚያነበው ስለጠፋ ነው።

"የሥራው ሂደት" የሚለውን ልብ በሉት። ሕጉ የሚጠይቀው ሥራው ራሱ ጠንቅ እንዳይሆን ነው። ሠራተኛዋ ጠንቁን እንድትችለው ማሠልጠን ሌላ ነገር ነው። ጣራው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ጃንጥላ ብታድል ጣራውን ጠገንክ አይባልም።

አሁን የልጅቷን ሰዓት እንቁጠር። ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ድረስ 12 ሰዓት ነው። የምሳውን አንድ ሰዓት ስንቀንስ 11 ይሆናል። መደበኛው 8 ስለሆነ በቀን 3 ሰዓት ትርፍ ትሠራለች። በአምስት ቀን 15፣ የቅዳሜው 2 ሲጨመር 17። ሕጉ ለትርፍ ሰዓት የሚፈቅደው በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ነው። በቀን ሲታይ ያለፈች አይመስልም። በሳምንት ሲደመር ግን 5 ሰዓት አልፋለች፣ እሁዱን ሳልቆጥር።

ብዙ አሠሪ "ከፍያለሁ እኮ" ይላል። ክፍያው ግዴታ ነው፣ ጣሪያውን ግን አያነሳም። ደግሞም ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው በተወሰኑ ምክንያቶች ነው። አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ሊቋረጥ በማይችል ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት። ከጥቅምት ጀምሮ ባዶ የሆነ መደብ ለእኔ "የቀረ ሠራተኛ" አይደለም። ያልተቀጠረ ሠራተኛ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጄ። ማምሸትሽን ማን አዘዘሽ? በጽሑፍ ነው?

ሰንጋተራ — ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 3፡15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩን እንዲህ ደምሬው አላውቅም ነበር። የሂሳብ ሰው ሆኜ የራሴን ሰዓት አልደመርኩም።

የትእዛዝ ደብዳቤ የለም። የቡድናችን ቴሌግራም ላይ ግን አለቃችን "የዛሬውን ሳትዘጉ እንዳትወጡ" እያለ ይጽፋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከፍሎኝ አያውቅም።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ — ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 3፡48

ያንን መልእክት ከነቀኑ አስቀምጪው። ድርጅቶች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርዱም በፍርድ ቤቱም ፊት "በራሷ ፈቃድ ነው ያመሸችው፣ አላዘዝናትም" ማለት ያዘወትራሉ። ሕጉ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ትእዛዝ እንዲሆን ስለሚል ክርክሩ እዚያ ላይ ይወድቃል። የምትሠሪበት ሲስተም የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ከመዘገበ እሱም ይረዳሻል።

የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። የጥቅምቱ አልፎብሻል ማለት ነው። የቀረው እንዳያልፍብሽ።

ነርሷ — ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው። እኔም በመንግሥት ሆስፒታል እንዲሁ ነኝ። አንድ ሌሊት ለሁለት ነርስ 30 በሽተኛ ደርሶን ያውቃል። ሰው ሲሞት ማልቀስ ካቆምኩ ቆየሁ፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ድሮ የበሽተኛ ስም እይዝ ነበር፣ አሁን የአልጋ ቁጥር ነው የምይዘው። ይህ አንቀጽ 92 ለእኔም ይሠራል?

ውብአንቺ ጠበቃ — ግንቦት 13፣ ከቀኑ 6፡20

ነርሷ፣ የአንቺ ጉዳይ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። 1156 አንቺን አይመለከትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን ስለ ዕረፍት፣ ስለ ሥራ ሰዓት ገደብና ጤናማ የሥራ አካባቢ ሲናገር ሠራተኞችን ሁሉ ነው። ያንቺን ለብቻ ክር ክፈቺለት፣ እዚህ እንዳይጠፋ። የአልጋ ቁጥር ያልሽው ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን ሲገልጽ ከድካሙ ጎን ከሥራው በስሜት መራቅን፣ ሥራው ላይ ውጤታማ አለመሆንንም ያስቀምጣል። በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም። ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ ነው ያለው። ስለዚህ ሐኪም ወረቀት ላይ "በርንአውት" ብሎ ላይጽፍ ይችላል። የእንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴ፣ ጭንቀት ብሎ ነው የሚጽፈው።

ኤችአር ፒያሳ ስለ ጠቀስከው የእንግሊዝ ፍርድ ልናገር። ለእኛ ፍርድ ቤት አስገዳጅ አይደለም፣ አስተሳሰቡ ግን ይጠቅማል። በ2002 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንተ ያልከውን የሚመስል ነገር ብሏል። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ያው ፍርድ ቤት ወደ ነጥቡ ተመለሰ። ከሳሿ እንደ ሰንጋተራ የፋይናንስ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሥራው እንደበዛባት ለአለቃዋ በጽሑፍ ነግራ ነበር። ኩባንያው "የምክር አገልግሎት ነበረን" ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። አማካሪ ሥራዋን ሊቀንስላት አይችልም፣ ያንን ማድረግ የሚችለው አመራሩ ብቻ ነው አለ።

ከዚያ በፊት የነበረው የ1994 እ.ኤ.አ. የዎከር ጉዳይ ደግሞ ለሰንጋተራ ይበልጥ ይቀርባል። ሰውየው በኖርዘምበርላንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ ነበር። የሕፃናት ጥቃት ጉዳዮች በዙበት፣ ሰው ይጨመርልኝ ብሎ ቢጠይቅም አልተሰጠውም። በ1986 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በአእምሮ ጤና መታወክ ሥራ አቆመ። ሲመለስ ረዳት ይመደብልሃል ተባለ። ረዳቱ ብዙም ሳይቆይ ተነሳበት፣ የተጠራቀመው ሥራ ግን ጠበቀው። በስድስት ወር ውስጥ ዳግም ታመመ፣ በኋላም በሕመሙ ምክንያት ከሥራ ተሰናበተ። ፍርድ ቤቱ ለመጀመሪያው ሕመም አሠሪውን ተጠያቂ አላደረገም፤ ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎ። ለሁለተኛው ግን አደረገ። ምክንያቱም ያኔ ያውቃል።

ሰንጋተራ፣ ሚያዝያ ላይ ታመሽ ተመለስሽ። አሠሪሽ አሁን ያውቃል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን "አልሰማንም" ሊል አይገባውም። እንዳይልም በጽሑፍ አሳውቂው።

ኤችአር ፒያሳ — ግንቦት 13፣ ከቀኑ 9፡05

የ2007ቱን አላውቅም ነበር። አንቀጽ 92ንም ከፍቼ አየሁት፣ ጋሼ ትክክል ናቸው። "የሥነ ልቦና" ይላል። ስህተቴን ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ከውስጥ ልናገር። የሰው ኃይል ክፍል ሥልጠና የሚያዘጋጀው ሥልጠና በእጁ ስላለ ነው። ሰው ለመቅጠር በጀት ያስፈልጋል፣ በጀት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የቅጥር ጥያቄ አቅርቤ "ከሰኔ በኋላ እናየዋለን" ተብያለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ አሠሪው ነገ ጠዋት ምን ያድርግ ነው የምትሉት?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ — ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሥራ ዘመኔ ያየሁትን ልንገርህ።

ሰው ማምጣት ካልቻልክ ሥራ ትቀንሳለህ። ሦስተኛ መንገድ የለም። አለቃው ሠራተኛዋን አስቀምጦ የምትሠራውን አንድ በአንድ ይጽፋል፣ ከጎኑ የሚፈጀውን ሰዓት ያስቀምጣል። ከዚያ ይደምረዋል። ድምሩ ከ48 ሰዓት በላይ ከሆነ ምን እንደሚቀር አለቃው ነው የሚወስነው። ብዙ ቦታ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። "አንቺ ቅድሚያ የሚሰጠውን ምረጪ" ይሏታል። እሷ ከመረጠች ለቀረው ሥራ የምትጠየቀው እሷ ናት፣ ስለዚህ ምንም አይቀርም፣ አምሽታ ትጨርሰዋለች። የሚቀረው ሥራ ተጽፎ፣ አለቃው ፈርሞበት ሲቀር ነው ጫናው ከትከሻዋ የሚወርደው።

ከዚያ ክትትል አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃው ሰዓቷን ያያል። አሁንም ምሽት 2 ላይ የምትወጣ ከሆነ ወረቀቱ ሥራውን አልቀነሰም ማለት ነው።

ሂሳብ ሹም ነኝ — ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 3፡02

በሂሳብ በኩል ልጨምር። 40 ሂሳብ ቢኖር ሁሉም እኩል አይንቀሳቀስም። የእኛ መሥሪያ ቤት ሲቆጠር ግማሽ ያህሉ በወር ከአሥር ያነሰ እንቅስቃሴ ነበረው። እነሱን በየወሩ ማስታረቅ ትተን በየሦስት ወሩ አደረግነው። ኦዲተሩ የጠየቀው ለውጡ በፋይናንስ ኃላፊው መጽደቁን ብቻ ነው። እህቴ፣ ከ14ቱ ስንቱ ነው በእርግጥ የሚንቀሳቀስ?

ሰንጋተራ — ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 3፡40

አሁን አየሁት። አምስቱ እምብዛም አይንቀሳቀሱም። አንዱ ከጥር ወዲህ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው ያለበት። እሱንም በየወሩ አስታርቄ ፈርሜ ፋይል አደርጋለሁ።

ደብዳቤውን ልጽፍ ነው። ምን ላስገባበት?

ውብአንቺ ጠበቃ — ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 4፡10

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከስምንት ወደ 14 ሂሳብ መቼ እንደደረስሽ፣ የሳምንቱ ሰዓትሽ ስንት እንደሆነ፣ መጋቢት ላይ ለአለቃሽ መናገርሽን፣ ሚያዝያ ላይ መታመምሽን ጻፊ። የሕመምሽን ዝርዝር መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ ከሥራው መጠን ጋር መያያዙን መግለጽ ይበቃል። ከዚያ የምትጠይቂውን በግልጽ አስቀምጪ። አምስቱ ሂሳብ በየሦስት ወሩ ይሁኑልኝ፣ ሰዓቴ ወደ ሕጉ ይመለስ፣ ያልተከፈለኝ ትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ። ስሜትሽን ለቤተሰብሽ ተናገሪው፣ ደብዳቤው ላይ ቁጥር ይሁን።

በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጊና ኮፒው ላይ ቀንና ፊርማ ተቀበዪ። ይህንን አትርሺ። ምላሽ ካጣሽ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍሉን ጠይቂ።

የካዛንቺስ ልጅ — ግንቦት 14፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጠበቃዋን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ ሥራ የተነሳ ብትታመም "በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት" ተብሎ ካሣ ታገኛለች?

ውብአንቺ ጠበቃ — ግንቦት 14፣ ከቀኑ 7፡15

የጠየቅከው ከባዱን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንደ ተራ ሕመም ከታየ ሙሉ ደሞዝ አንድ ወር ብቻ ነው። በሥራ ምክንያት የመጣ ከተባለ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ።

ችግሩ አንቀጽ 98 ላይ ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም መንስኤውን ፊዚካል፣ ኬሚካል ወይም ባዮሎጂካል ብሎ ያቆማል። በአንቀጽ 92 ያለው "የሥነ ልቦና" እዚህ የለም። ማለትም አሠሪው እንዲጠነቀቅ የታዘዘበት ጠንቅ ጉዳት ሲያደርስ የካሣው ትርጉም ውስጥ አይገኝም። እኔ በዚህ መንገድ ካሣ ጠይቂ ብዬ ደንበኛዬን አልመክርም።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ — ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 1፡50

እዚህ ላይ ከውብአንቺ ጋር አልስማማም። በሳምንት 61 ሰዓትና ከዚያ በላይ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህ ፊዚካል ካልሆኑ ምንድን ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ይበልጣል። ሐኪም ቦርድ ፊት ይህንን የሚያስረዳ ሰው መሞከር አለበት።

ውብአንቺ ጠበቃ — ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡25

ጋሼ፣ ለስትሮክ ይሞከር፣ እስማማለሁ። ለድባቴ ግን ቃሉ አይበቃም። ጥናት ስለ ብዙ ሰው ነው የሚናገረው፣ ቦርዱ ደግሞ ስለ አንዲት ሴት ነው የሚጠይቀው። ሕጉ ቢሻሻል እመርጣለሁ።

ሰንጋተራ — ሰኔ 6፣ ከምሽቱ 1፡10

ወሬ ላምጣላችሁ። ከቤት ነው የምጽፈው፣ ገና ሳይመሽ።

ደብዳቤውን ግንቦት 18 ገቢ አደረግኩ። አንድ ሳምንት ዝም አሉኝ። ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊው ጠራኝ። ወረቀት አውጥቶ 14ቱን ሂሳብ አብረን ጻፍን። አምስቱ በየሦስት ወሩ እንዲሆኑ ፈረመበት። ከቅርንጫፍ አንድ ልጅ ለሁለት ወር ተልኮልናል። ለሦስታችንም እሁድ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ትርፍ ሰዓቴን ስደምር 9 ሆነ።

የትርፍ ሰዓት ክፍያው ላይ ግን "ይታያል" ነው ያሉኝ። ከመጋቢት ወዲህ ያለውን ይርጋ ሳይበላብኝ ምን ላድርግ? ደግሞ ልጁ ነሐሴ ላይ ሲመለስ ሂሳቦቹ ወደ ማን ይሂዱ የሚለውን ኃላፊው ሊጽፍልኝ አልፈለገም።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ — ሰኔ 6፣ ከምሽቱ 2፡00

"ይታያል" ይርጋውን አያቆምም። የመጋቢቱ መስከረም ላይ ይሞታል። ነሐሴ ሳይገባ ወደ ቁጥጥር ክፍሉ ሂጂ። ሲስተሙ የመዘገበውን ሰዓትና የቴሌግራሙን መልእክት አትመሽ ያዢ። ስለ ልጁ መመለስ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፊ፤ ዎከርን ረዳቱ ሲነሳበት ነው የጎዳው።